ያለቀ አጭር ፊልም ለፌስቲቫል ሲላክ፦ ጽሑፉ፣ ፎቶውና ፋይሉ

ኤዲቲንጉ ተዘግቷል። ቀለሙ ተስተካክሏል። ድምፁም ሚክስ ተደርጎ አልቋል። ፊልሙ አለቀ፤ ለፌስቲቫል ግን ገና አልተዘጋጀም። ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የሚያገኘው መራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ በላፕቶፕ፣ ከሌሎች በርካታ ፊልሞች መሃል ያየዋል። ከተመረጠ ካታሎግና ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ጋ ይሄዳል። በመጨረሻ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፋይሉን የሚያጫውት ባለሙያ ይረከበዋል። አንዳቸውም አያውቋችሁም። ሥራቸውን የሚሠሩት በላካችሁላቸው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሲኖፕሲሱ፣ ፎቶውና ፋይሉ ያለ እናንተ ማስረዳት ራሳቸውን መቻል አለባቸው።

ነገሩን በአንድ ምናባዊ ፊልም እንከተለው። ስሙን «ኮቱ» እንበለው። አንዲት ልብስ ሰፊ እንድታሳጥረው አንድ ኮት ይመጣላታል። ገበሩን ስትተረትር የራሷን ስፌት ታገኛለች። ኮቱ ከስድስት ዓመት በፊት ለጠፋው ወንድሟ የሰፋችው ነው። ደንበኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊወስደው ይመጣል። ፊልሙ በሰከንድ 23.976 ፍሬም የተቀረጸ ነው። ምስሉ ሰፊና ቁመቱ አጭር ስለሆነ በ1920x1080 ማስተሩ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር አለው። ንግግሩ አማርኛ፣ ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ነው። ርዝመቱ ክሬዲቱን ጨምሮ 13 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

«ክሬዲቱን ጨምሮ» የሚለውን አስምሩበት። ፌስቲቫሎች የርዝመት ገደብ ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ከመጀመሪያው ፍሬም እስከ መጨረሻው ነው። የካን የአጭር ፊልም ውድድር ክሬዲት ጨምሮ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። ለኦስካር አጭር ፊልም የሚባለው ደግሞ ክሬዲቱን ጨምሮ እስከ 40 ደቂቃ ያለው ነው። 14 ደቂቃ ታሪክ ላይ የሁለት ደቂቃ ክሬዲት የለጠፈ ሰው የካንን በር ራሱ ዘጋ ማለት ነው።

ሲኖፕሲሱ

ብዙ ዳይሬክተሮች የሚጽፉት ሲኖፕሲስ ይህን ይመስላል፦

«ኮቱ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማጣትና ስለ ተስፋ የሚያወሳ ጥልቅ ፊልም ነው። ያለፈ ሕይወታችን ዛሬያችንን እንዴት እንደሚከተል ልብ በሚነካ መንገድ ያሳያል።»

በዚህ ውስጥ ልብስ ሰፊ የለችም። ኮት እንኳ ከርዕሱ ውጭ የለም። ርዕሱን ቀይራችሁ ሌላ ፊልም ላይ ብትለጥፉት ልክ ይመጣል። ችግሩ ያ ነው። መራጩ ጥልቅ መሆኑን አይቶ ይወስናል እንጂ ስለተነገረው አያምንም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ማን እንደሆነች፣ ምን እንደገጠማትና ምን እንደሚያጣድፋት ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ልብስ ሰፊዋ እንድታሳጥረው አንድ ኮት ይመጣላታል። ገበሩን ስትተረትር የራሷን ስፌት ታገኛለች፤ ኮቱ ከስድስት ዓመት በፊት ለጠፋው ወንድሟ የሰፋችው ነው። ደንበኛው ሊወስደው የቀረው አንድ ሰዓት ነው።»

አንድም የሙገሳ ቃል የለበትም። ሁሉም ነገር በአሁን ጊዜ ይሆናል። «ምን ታደርግ ይሆን?» የሚል ጥያቄም አያስፈልገውም፤ ሰዓቱ ራሱ ጥያቄውን አንስቶታል።

ይህን ጽሑፍ በሦስት ርዝመት ማዘጋጀት ይበጃል። አንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ። ሁለተኛው 50 ቃል አካባቢ። ሦስተኛው 150 ቃል ገደማ። የማመልከቻ ቅጾች በቃል ወይም በፊደል ቁጥር ገደብ አላቸው፤ የካታሎግ ገጽም ቦታው ውስን ነው። አጭሩን እናንተ ካላዘጋጃችሁት ሌላ ሰው ያሳጥረዋል። የሚቸኩል ሰው ሲያሳጥር ደግሞ የሚቆርጠው ከኋላ ነው። ስለ ስፌቱ የምትነግሩት በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ከሆነ ካታሎጉ ላይ የምትቀረው ኮት የምታሳጥር ሴት ብቻ ናት። ዋናው ነገር ፊት ይቅደም።

መጨረሻውን እንናገር ወይስ እንደብቅ? የሚያነበው ማን እንደሆነ ይለያል። ለካታሎግ የሚሄደው አጭሩ መጨረሻውን አይነካም፤ ተመልካች ነው የሚያነበው። ቅጹ ሙሉ ታሪኩን በግልጽ ከጠየቀ ግን ረጅሙ እስከ መጨረሻው ይንገር። ልብስ ሰፊዋ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ደንበኛውን እንደምትዋሽ፣ እሱ ኮቱን ከየት እንዳገኘው፣ በመጨረሻም ምን አድርጋ እንደምትሰጠው። እዚያ ላይ «የቀረውን ከፊልሙ ተመልከቱ» ማለት መራጩን ማጉላላት ነው።

አንድ ስውር ስህተት አለ። ዳይሬክተሩ ታሪኩን ለዓመታት በጭንቅላቱ ይዞ ስለኖረ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ሲኖፕሲሱ ላይ ይጽፋል። «ከስድስት ዓመት በፊት» ብለናል። ለመሆኑ ይህ ፊልሙ ላይ በንግግር ወይም በምስል ይታወቃል? ካልታወቀ መራጩ ጽሑፉ ላይ ያነበበውን ታሪክ ስክሪኑ ላይ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ያኔ ጉድለቱ የፊልሙ ሆኖ ይታየዋል። ፊልሙን ከፍታችሁ ሲኖፕሲሱን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አመሳክሩ። የትኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ማሳየት የማትችሉትን አውጡት። ለምን እንደሠራችሁት፣ ከምን እንደተነሳችሁ መናገር ከፈለጋችሁ ለዚያ የዳይሬክተር መግለጫ የሚባል የራሱ ቦታ አለው።

የእንግሊዝኛው ቅጂም በቃል በቃል ትርጉም አይሠራም። እንግሊዝኛ በደንብ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን ሰምቶ ከባዶ ይጻፈው፣ ፊልሙን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ያንብበው። አንብቦ ሲጨርስ «ምን የምታይ ይመስልሃል?» በሉት። «ስለ ማጣት የሆነ ነገር» ካለ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። «ኮቱን መልሳ ትሰጠዋለች?» ብሎ ከጠየቀ ጨርሳችኋል።

ፎቶው

ፌስቲቫል የሚጠይቀው የፊልም ፎቶ ፖስተር ማለት አይደለም። ፖስተር ላይ ርዕስና ስም አለ፣ ብዙ ጊዜም ቁመታም ነው። ድረ ገጹ ላይ ከፊልሙ ስም በላይ የምትቀመጠው ግን አግድም የሆነች፣ ጽሑፍ የሌለባት አንዲት ፍሬም ናት። ርዕሱን ፌስቲቫሉ ራሱ ከሥሯ ይጽፈዋል። ጽሑፍ ያለበት ምስል ከላካችሁ ርዕሱ ሁለቴ ይመጣል፣ ምስሉ ሲቆረጥ ደግሞ ፊደሉ አብሮ ይቆረጣል።

ለ«ኮቱ» ሦስት ፍሬም እጩ ሆነ እንበል። የመጀመሪያው የሱቁ ሰፊ ምስል ነው፤ የማታ ብርሃን አለው፣ ያምራል። ሁለተኛው ልብስ ሰፊዋ ስታለቅስ የሚያሳይ ቅርብ ፊት ነው። ሦስተኛው እጆቿ የተተረተረው ገበር ላይ፣ ፊቷ ከላይ በግማሽ ብርሃን። እኔ ያለምንም ማመንታት ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሰፊው ምስል በስልክ ስክሪን ላይ የጣት ጥፍር ሲያክል ሰው የሌለበት ቡናማ ነገር ብቻ ይሆናል። የምታለቅሰው ፊት የመጨረሻውን ትዕይንት ያጋልጣል፣ ለምን እንደምታለቅስ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ሰው አለው፣ ነገር አለው፣ እያየች ያለችው ምን እንደሆነም ያጓጓል። የመረጣችሁትን ፍሬም አሳንሳችሁ፣ በስልክ፣ ክንድ ዘርግታችሁ እዩት። ፊቱ ካልለየ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ፍሬሙን ማውጣት። የቪዲዮ ፍሬም ፎቶ አይደለም። በሰከንድ 24 ገደማ ፍሬም ሲቀረጽ በተለመደው የሹተር አቀማመጥ እያንዳንዱ ፍሬም የሚጋለጠው ለ1/48 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅ ከተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል። ፊልሙ ሲሄድ አይታወቅም፤ ቆሞ ሲታይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ትዕይንቱን ፍሬም በፍሬም እየሄዳችሁ ተዋናይዋ ለቅጽበት ያቆመችበትን ፈልጉ። ትንፋሽ ስትይዝ ወይም ዓይኗ ሲያርፍ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ፍሬም ብዥ ያለ ነው።

የሚወጣውም ቀለሙ ከተስተካከለው፣ ሰብታይትል ከሌለው ማስተር ላይ ነው። ከማጫወቻው ላይ ስክሪንሾት መውሰድ አይሆንም፤ ስክሪኑ ባለው መጠን ያነሳዋል፣ ቀለሙንም ሊቀይረው ይችላል። ጥቁር መስመሮቹም መቆረጥ አለባቸው። ካታሎግ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ያለው ምስል ያለቦታው የገባ ይመስላል። ለእኛ ፊልም `ffmpeg` በሚባል በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ይሆናል፦

```
ffmpeg -ss 00:06:12 -i kotu_master.mov -frames:v 1 -vf crop=1920:804 kotu_still_01.png
```

ስድስተኛው ደቂቃ ከ12ኛው ሰከንድ ላይ ያለውን ፍሬም ያወጣል፣ ከ1080ው ቁመት መሃሉን 804 ብቻ ያስቀራል። ኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁም ይህንኑ ይሠራል። ከዚያ ከፍተኛ ጥራት ባለው JPEG ቀይሩት። ፋይሉን `IMG_final2` አትበሉት፤ የፊልሙን ስም ይያዝ፣ ካታሎግ አዘጋጁ ፊት የሚደረደረው የብዙ ፊልም ፎቶ ነውና።

«300 ዲፒአይ» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው ያደናግራል። 1920 ፒክሰል በ300 ሲካፈል 6.4 ኢንች፣ ማለትም 16 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ነው። ለካታሎግ ገጽ ይበቃል፣ ለትልቅ ፖስተር ግን አይበቃም። ቁጥሩን በፎቶሾፕ ከ72 ወደ 300 መቀየር ደግሞ ፍሬሙ ውስጥ ያልነበረ ዝርዝር አይጨምርም። ትልቅ ህትመት ካሰባችሁ ቀረጻ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ ከማስተር የሚወጣ ፍሬም ልኩ እዚህ ድረስ ነው።

የመራጩ ፋይል

ይህ ቀላሉ ነው። እንደ `FilmFreeway` ያለ መድረክ ላይ የምትጭኑት፣ ወይም በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ የምትሰጡበት ነው። 1080p፣ H.264፣ MP4 ይበቃዋል። የፍሬም ፍጥነቱን እንዳለ ተዉት። ሰብታይትሉ ምስሉ ላይ የታተመ ይሁን፤ መራጩ አብርቶ እንዲያየው አትጠብቁት። መጀመሪያው ላይ የቀለም መስመርና ቆጠራ ካለ አውጡ። ሊንክ ከሰጣችሁ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። ማመልከቻው ከገባ በኋላም የይለፍ ቃሉን አትቀይሩ፤ ፊልሙ መቼ እንደሚታይ አታውቁም፣ የማይከፈት ሊንክ ደግሞ ዝም ብሎ ሊታለፍ ይችላል።

የሲኒማ ቤቱ ፋይል

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው። ትንንሽ ፌስቲቫሎች ProRes ወይም ጥሩ MP4 ይበቃናል ይላሉ። ትልልቆቹ ዲሲፒ ይጠይቃሉ። ዲሲፒ አንድ ፋይል አይደለም፤ የሲኒማ ሰርቨር የሚያነበው፣ ምስልና ድምፅ ተለያይተው የሚቀመጡበት ፎልደር ነው። `DCP-o-matic` በሚባል ነፃ ፕሮግራም በራሳችሁ ኮምፒውተር መሥራት ይቻላል። ሲያመለክቱ አያስፈልግም፤ ሲመረጡ ነው የሚጠየቀው። ግን በምርጫውና በማስረከቢያው ቀን መሃል ያለው ጊዜ አጭር ስለሚሆን አስቀድማችሁ አንዴ ሞክሩት። ችግር የሚያመጡት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የፍሬም ፍጥነትና የምስል ቅርጽ።

ከፍጥነቱ እንጀምር። ማስተራችሁ በእርግጥ ምን ላይ እንዳለ እወቁ፤ «24 ነው» የሚል ኤዲተር ብዙ ጊዜ 23.976 ማለቱ ነው። ከ`ffmpeg` ጋር አብሮ የሚመጣው `ffprobe` ይነግራችኋል፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=width,height,r_frame_rate -of default=nw=1 kotu_master.mov
```

`r_frame_rate=24000/1001` ካላችሁ 23.976 ነው። `24/1` ካለ ትክክለኛ 24 ነው። ዲሲፒ 23.976 የሚባል ፍጥነት የለውም፤ ፊልሙ በ24 መሄድ አለበት። ምስሉ 0.1 ከመቶ ይፈጥናል፣ ማንም ዓይን አይለየውም። ድምፁም በዚያው ልክ መፍጠን አለበት፤ ችግሩ ያ ሲረሳ ነው። ሒሳቡን እዩት። 13 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ 820 ሰከንድ ነው። የዚያ 0.1 ከመቶ 0.82 ሰከንድ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ከምስሉ 20 ፍሬም ያህል ይዘገያል፤ ልብስ ሰፊዋ አፏን ከዘጋች በኋላ ቃሏ ይመጣል።

ከባዱ ነገር መጀመሪያው ላይ አለመታየቱ ነው። አንደኛው ደቂቃ ላይ ልዩነቱ አንድ ፍሬም ተኩል ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ሰው ዲሲፒውን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ይላል። መፈተሽ ያለበት መጨረሻው ነው። የመጨረሻውን ንግግር፣ የመጨረሻውን በር መዘጋት ተመልከቱ። `DCP-o-matic` የፋይሉን ፍጥነት በትክክል ካነበበ ድምፁን አብሮ ያስተካክላል። ድምፁን ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ ካስገባችሁ ግን ሒሳቡን እናንተ አረጋግጡ። ሰብታይትሉም ለብቻው ፋይል ከሆነ እንደዚያው።

በ25 የተቀረጸ ፊልምስ? አዳዲስ ሰርቨሮች በ25 ያጫውታሉ፤ ፌስቲቫሉን ጠይቁ። አይሆንም ካሉ ወደ 24 መዝገም ነው። ያኔ ለውጡ 4 ከመቶ ስለሆነ የእኛ ፊልም ወደ 14 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ይረዝማል። የድምፁም ቅጥነት ካልተስተካከለ ሰዎቹ ሁሉ ጎርነን ብለው ይሰማሉ።

አሁን ቅርጹ። ሲኒማ ቤት ውስጥ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ቅርጾች አሉ። ፍላት 1998x1080 ነው፣ ስኮፕ ደግሞ 2048x858። «ኮቱ» ሰፊ ምስል ነው፤ በ1920x1080 ውስጥ ጥቁር መስመር ይዞ ተቀምጧል። ይህን እንዳለ ፍላት ውስጥ ብታስገቡት ከላይና ከታች የራሱ ጥቁር አለ፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ፍላት 1998 ስለሆነ ተጨማሪ ጥቁር ይመጣል። ፊልሙ ትልቁ ስክሪን መሃል ላይ በአራት በኩል ተከቦ ይቀመጣል። ላፕቶፕ ላይ ልክ የነበረው ምስል አዳራሽ ውስጥ የታሰረ ይመስላል።

መፍትሔው አጭር ነው። ከላይ 138፣ ከታች 138 ፒክሰል ቁረጡ፤ 1920x804 ይቀራል። ከዚያ ስኮፕን መርጣችሁ ወደ 2048 ስፋት አሳድጉት። ቁመቱ 858 ላይ ይገጥማል፣ ምስሉ ስክሪኑን ይሞላል። ፕሮግራሙ ውስጥ የመቁረጫ ቦታው ላይ ሁለቱን ቁጥሮች መጻፍ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሰብታይትሉ ታች ጥቁሩ ላይ ታትሞ ከነበረ አብሮ ይቆረጣል። ለሲኒማው ፋይል ሰብታይትል የሌለው ማስተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰብታይትሉን ለብቻው አስገቡት፣ ምስሉ ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ብቻ። ስቴሪዮ ሚክስ ሲኒማ ቤት ውስጥ ንግግሩን ከግራና ከቀኝ ስፒከር ነው የሚያወጣው። ግራ ጥግ የተቀመጠ ሰው መሃል ላይ የቆመችውን ሴት ድምፅ ከግራ ግድግዳ ይሰማዋል። ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ ተለያይተው ከተቀመጡ ንግግሩን ወደ መሃል ስፒከር በሚልክ 5.1 ሚክስ ይስተካከላል። ስለዚህ ድምፅ ሠሪያችሁ ሥራውን ሲያስረክብ የተለያዩትን ትራኮች አብራችሁ ተቀበሉ። ከወራት በኋላ ፕሮጀክቱን ማስከፈት ከባድ ነው።

ዲሲፒውን በይለፍ ቁልፍ አትዝጉት። የተዘጋ ዲሲፒ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ቁልፍ፣ ለተወሰነ ቀን ብቻ የሚሠራ፣ ይፈልጋል። ቁልፉ ካልደረሰ ወይም አዳራሹ ከተቀየረ አይከፈትም፤ ለአጭር ፊልም ይህ አደጋ አይገባም። ከተቻለ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ከማለዳው የመጀመሪያ ትዕይንት በፊት 14 ደቂቃ ለምኑና እዩት። መሃል ሳይሆን ግራ ጥግ ተቀመጡ። ጥቁሩ የት እንዳለ፣ ንግግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰብታይትሉ ከኋላ ወንበር እንደሚነበብ ተመልከቱ፤ የመጨረሻውን ደቂቃ ደግሞ አፏን እያያችሁ። ፌስቲቫሉ ከፈቀደ ከዲሲፒው ጋር ProRes 422 HQ ቅጂ በሌላ ዲስክ አብራችሁ ላኩ፤ ዲሲፒው ሰርቨሩ ላይ አልገባም ቢል የሚጫወተው እሱ ነው።